ፊደል ለሚያስቸግረው ልጅ የትኛውን ሙስሐፍ እንግዛ? ስለ ኅትመት፣ ስለ ፊደል ቅርጽ፣ ስለ ክፍተትና ስለ ድምፅ ቅጂ አመራረጥ



ክረምት በገባ ቁጥር መድረሳዎች በልጆች ይሞላሉ፤ ዑስታዞችም ከወላጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግመው ይሰማሉ። «ልጄ ጁዝእ ዐመን በቃሉ ይቀራል። ሙስሐፍ ሲገለጥለት ግን አንድ መስመር ማንበብ ያቅተዋል። በትምህርት ቤትም አማርኛ ላይ እንዲሁ ነው። ምን ዓይነት ሙስሐፍ ብገዛለት ይሻላል?» የሚል ነው። በመድረሳም በመደበኛ ትምህርት ቤትም ባስተማርንባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ደርሶናል። ዛሬ መልሱን በዝርዝር እናያለን።

በቅድሚያ ችግሩን ለይተን እንወቅ። ዲስሌክሲያ የሚባለው ፊደልን ከድምፁ ጋር በፍጥነትና በትክክል ማገናኘት የሚያስቸግርበት የንባብ ችግር ነው። የማስተዋል ጉድለት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። በመድረሳ ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ ሊደበቅ ይችላል። ምክንያቱም ልጁ ዑስታዙን እየተከተለ ስለሚቀራ በጆሮው የያዘውን ጣቱን ሙስሐፍ ላይ አድርጎ ይወርደዋል፤ ያየው ሁሉ የሚያነብ ይመስለዋል። መለየት ከፈለጋችሁ በቃሉ በሚያውቀው ሱራ መሐል አንድ ቃል ጠቁማችሁ «ይህን ብቻ አንብብልኝ» በሉት። ከሱራው መጀመሪያ ተነሥቶ በልቡ እየቀራ ወደዚያ ቃል ለመድረስ የሚሞክር ከሆነ በጆሮው እንጂ በዓይኑ እያነበበ አይደለም። ይህ ብቻውን ዲስሌክሲያ ነው አያሰኝም፤ ገና ፊደል ያልጨረሰ ልጅም እንዲሁ ያደርጋል። ከእኩዮቹ እኩል ተምሮ፣ በአማርኛም በዐረብኛም ችግሩ ለወራት ሳይለቀው ሲቀር ነው ልንጠረጥር የሚገባን። ከዚያ በፊት ግን ዓይኑን አስመርምሩት። መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ በፊደል ምርጫ መርዳት አይቻልም።

ልዩ ፊደል ወይስ ሰፊ ክፍተት?

ብዙ ወላጆች በመጀመሪያ የሚፈልጉት «ለዲስሌክሲያ የተሠራ ፊደል» ነው። እንዲህ ያሉ ፊደሎች በእርግጥ አሉ፤ ከታወቁት መካከል ኦፕንዲስሌክሲክና ዲስሌክሲ ይጠቀሳሉ። የተሠሩት ግን ለላቲን ፊደል ነው። የእኛንም ሆነ የዐረብኛውን ፊደል ለማንበብ አይጠቅሙም። ለላቲኑም ቢሆን የሚባልላቸውን ያህል አይደሉም። በ2016 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ዲስሌክሲ የተባለውን ፊደል ከተለመደው ኤሪያል ጋር አወዳድሮ ነበር። ልጆቹ በልዩ ፊደሉ ጥቂት ፈጥነው አነበቡ። ተመራማሪዎቹ የኤሪያልን ክፍተት ከልዩ ፊደሉ ክፍተት ጋር እኩል ሲያደርጉት ግን ልዩነቱ ጠፋ። የረዳው የፊደሉ ቅርጽ ሳይሆን በፊደላቱና በቃላቱ መካከል የነበረው ሰፊ ቦታ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ የጣሊያንና የፈረንሳይ ልጆችን ያሳተፈ ሌላ ጥናት ወጥቶ ነበር። በ14 ነጥብ በታተመ ጽሑፍ ላይ በፊደላቱ መካከል 2.5 ነጥብ ተጨማሪ ክፍተት ሲደረግ፣ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች ያለ ምንም ልምምድ ስሕተታቸው ቀነሰ፤ ፍጥነታቸውም ጨመረ። ምክንያቱ መጨናነቅ ነው። ዓይን አንዱን ፊደል ሲያይ ከግራና ከቀኝ ያሉት ጎረቤቶቹ ይረብሹታል፤ ይህ ረብሻ በእነዚህ ልጆች ላይ ይበረታል። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በላቲን ፊደል ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጠን ልንወስደው አንችልም። መነሻ አድርገን በራሳችን ልጅ ላይ መሞከር ግን እንችላለን። ስለዚህ ገንዘባችሁንና ጊዜያችሁን በልዩ ፊደል ፍለጋ ላይ አታጥፉ። የሚፈለገው መጠኑና ክፍተቱ በቂ የሆነ፣ ከቀን ወደ ቀን የማይለዋወጥ ገጽ ነው።

የአማርኛው ጽሑፍ

ከአማርኛው እንጀምር፤ በቤታችን ኮምፒውተር ልናስተካክለው የምንችለው እሱን ነው። የእኛ ፊደል አንድ ባሕርይ አለው። ፊደላቱ አይያያዙም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ስለዚህ ክፍተት መጨመር ምንም አያበላሽበትም። አስቸጋሪው ነገር ድምፁን የሚለዩት ምልክቶች በጣም ትንንሽ መሆናቸው ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ያለችው ጭረት መሐል ወይም ታች በመሆኗ ብቻ ነው። «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ» ደግሞ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለው ጭረት ነው። ፊደሉ ሲያንስ እነዚህ ጭረቶች ከግንዱ ጋር ይቀላቀላሉ።

የፊደል ዓይነት ስትመርጡ እነዚህን ጥንዶች በየፊደል ዓይነቱ አትማችሁ ወረቀቱን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ጭረቶቹ ከዚያ ርቀት ጎልተው ከታዩ ይበቃል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ (በኮምፒውተሩ ዝርዝር ውስጥ Noto Sans Ethiopic) እና ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው Ebrima መስመራቸው እኩል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋሉ። ግንዱ ወፍራም፣ ምልክቱ ቀጭን የሆነ የጌጥ ፊደል ግን ለርእስ እንጂ ለንባብ አይሆንም። ደግሞም የሁለት ፊደል ዓይነቶች «14» በወረቀት ላይ እኩል እንደማይሆን አትርሱ። ቁጥሩን ሳይሆን የታተመውን እዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጽሑፉን በዎርድ ከፍታችሁ መጠኑን 16 አድርጉት። ጽሑፉን ሙሉ ምረጡና Ctrl+D ተጫኑ። Advanced በሚለው ገጽ Spacing የሚለውን Expanded አድርጉ፤ ከጎኑ ባለው By ላይ 2 pt ጻፉ። በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት 1.5 አድርጉ። አሰላለፉን Align Left አድርጉት እንጂ Justify አታድርጉት፤ ጫፍና ጫፉን እኩል ለማድረግ ሲባል በየመስመሩ የቃላት ርቀት ስለሚለዋወጥ የልጁ ዓይን ይደናገራል። በመጨረሻም በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በእጥፍ አሳድጉ። የፊደላቱን ክፍተት ሰፋ አድርጋችሁ የቃላቱን እንዳለ ከተዋችሁት አንዱ ቃል የት እንዳለቀ አይታወቅም። በዚህ መልክ የተዘጋጀ ኤ4 ወረቀት በአንድ መስመር 6 ወይም 7 ቃል ያህል ይይዛል፤ ይህም ለልጅ ተስማሚ ነው። ወረቀቱ የማያንጸባርቅ፣ ቢቻል ነጣ ያለ ክሬም ቀለም ያለው ይሁን።

ሙስሐፉስ?

ወደ ሙስሐፍ ስንመጣ መንገዱ ይለወጣል። የዐረብኛ ሐርፎች ይያያዛሉ። በመካከላቸው ክፍተት ልክፈት ብትሉ መያያዣው ይለጠጣል ወይም ይበጠሳል፤ ቃሉም ልጁ ከዑስታዙ የተማረውን መልክ ያጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ የሙስሐፍን ጽሑፍ በተራ ፊደል ገልብጦ ማተም አደገኛ ነው፤ ፊደሉ የማያውቃቸው የሐረካና የወቅፍ ምልክቶች ሊወድቁ ወይም ቦታቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ሙስሐፍን በራሳችን አንጽፍም። ክፍተቱን የምናገኘው ከኅትመቱ ምርጫ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ የገጹ መጠንና የመስመሩ ብዛት ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው በመዲና የሚገኘው የንጉሥ ፈህድ ማተሚያ ማእከል የሚያሳትመውና በኻጧጡ ዑስማን ጣሃ የተጻፈው ሙስሐፍ ነው። 604 ገጽ አለው፤ በገጽ 15 መስመር ይይዛል፤ እያንዳንዱ ገጽ በአያ መጨረሻ ያበቃል። ይኸው አንድ ዓይነት ገጽ በኪስ መጠንም፣ በመካከለኛም፣ በትልቅም ይታተማል። ለኛ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ልጁ ከኪስ መጠን ወደ ትልቁ ሲዛወር ፊደሉ ይተልቅለታል፤ አያው ግን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው ጥግ ያገኘዋል። ሒፍዝ የጀመረ ልጅ የገጹን ምስል ይዞ ስለሚሄድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከደቡብ እስያ የሚመጡ ባለ 13 መስመር ሙስሐፎችም አሉ። ፊደላቸው ወፈር ያለ፣ መስመራቸው ሰፋ ያለ ስለሆነ ለዓይን ይመቻሉ። ነገር ግን የአጻጻፍ ስልታቸውና የአንዳንድ ምልክቶቻቸው መልክ ከመዲናው ይለያል። ልጁ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ከተጀመረ በዚሁ ይቀጥል። በመዲናው ጀምሮ ከሆነ ግን ለሁለት መስመር ብላችሁ አትለውጡበት። ምልክትን ከድምፅ ለማገናኘት ለሚታገል ልጅ ለአንድ ድምፅ ሁለት ዓይነት ምልክት ማስተማር ሸክሙን እጥፍ ማድረግ ነው። በቤትና በመድረሳ የሚይዛቸው ሙስሐፎችም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ስለ ባለ ቀለም የተጅዊድ ሙስሐፍ ብዙዎች ይጠይቁናል። ቀለሞቹ መድን፣ ጉናንና የመሳሰሉትን ሕጎች ያመለክታሉ። ሐርፍ ለይቶ ማንበብ ለቻለ ተማሪ መልካም ነው። ገና ሐርፉን ለመለየት ለሚታገል ልጅ ግን ቀለሙ ራሱ ሌላ ፊደል ይሆንበታል። ንባቡ እስኪረጋ ይቆይ። ዐረብኛውና አማርኛው በአንድ ገጽ የታተሙበት ሙስሐፍም ለዚህ ልጅ የንባብ መማሪያ አይሆንም፤ አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሌላው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ገጹ ይጨናነቃል። ትርጉሙን ለብቻው ስጡት።

ትልቁን መግዛት ያልቻለ ወላጅም መንገድ አለው። መካከለኛው ሙስሐፍ በግምት የኤ5 ወረቀት ያህል ነው። ልጁ የሚማርባትን አንዲት ገጽ በፎቶ ኮፒ ቤት በ141 ፐርሰንት ብታሳድጉት ኤ4 ሞልቶ ይወጣል። ቅጂውን በፕላስቲክ ማኅደር አድርጉለት፤ ተገቢው ክብር ይጠበቅለት። ከዚያ ከወፍራም ካርቶን ላይ የአንድ መስመር ቁመትና ርዝመት ያላት መስኮት ቁረጡ። ከሐረካዎቹ በላይና በታች ትንሽ ትርፍ ይኑራት፤ የላይኛው ፈትሓ ወይም የታችኛው ከስራ ከተሸፈነ ንባቡ ይሳሳታል። ልጁ መስኮቷን እያወረደ ሲያነብ ሌሎቹ 14 መስመሮች ከዓይኑ ይሰወራሉ።

የድምፅ ቅጂ አመራረጥ

የድምፅ ቅጂ ለዚህ ልጅ ብርታትም አደጋም ነው። ጆሮው ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ይይዛል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ከገጹ ይሸሻል። ስለዚህ ድምፁ ልጁን ወደ ፊደሉ የሚመልስ መሆን አለበት።

በቅድሚያ ድምፁና ሙስሐፉ በአንድ ሪዋያ ይሁኑ። እላይ የጠቀስነው ሙስሐፍ በሐፍስ ሪዋያ የታተመ ከሆነ ድምፁም የሐፍስ ይሁን። ማእከሉ በወርሽና በሌሎችም ሪዋያዎች ስለሚያሳትም ሽፋኑን ወይም የመጨረሻዎቹን ገጾች ተመልከቱ። በወርሽ የተቀራ ድምፅ ከሐፍስ ሙስሐፍ ጋር ሲሰማ በአንዳንድ ቃላት ላይ ጆሮ የሚሰማውና ዓይን የሚያየው ይለያያሉ። ሌላው ልጅ ሊያልፈው ይችላል፤ ይህ ልጅ ግን ያነበበውን መጠራጠር ይጀምራል።

ቀጥሎ የአቀራር ስልቱ ነው። ሙጀወድ የሚባለው በረጅም ዜማ የሚቀራው ለማዳመጥ እንጂ ጣት አድርጎ ለመከተል አይመችም። ሙረተል ይሻላል። ከሁሉም የሚመረጠው ግን ሙዐሊም የሚባለው፣ ለማስተማር ተብሎ የተቀረጸው ነው። የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ የሙዐሊም ቅጂ ረጋ ያለና ሐርፉ ጥርት ያለ ነው። የሸይኽ ሙሐመድ ሲዲቅ አል-ሚንሻዊ ቅጂ ደግሞ ልጆች ተቀብለው የሚደግሙበት አለው። ጎበዝ ንባብ ላለው ልጅ የሕፃናቱ ድምፅ ያበረታታል። ዝም ብሎ የሚከተል ልጅ ግን በእነሱ ድምፅ ውስጥ ይደበቃል፤ ለእሱ የሑሰሪው ይሻላል።

ሦስተኛው አቆራረጡ ነው። ሙሉ ሱራ በአንድ ፋይል ከሆነ ልጁ የጠፋበትን ቦታ መልሶ ማግኘት አይችልም። በአያ በአያ የተቆራረጠና አንዱን አያ መደጋገም የሚችል ይምረጡ። quran.com ላይ አንባቢው ሲቀራ የሚነበበው ቃል እየተለየ ይታያል፤ ይህም ዓይንን ከጆሮ ጋር ያስኬዳል። ፍጥነቱን መቀነስ ካስፈለገ 0.75 ላይ ቁሙ። ከዚያ በታች ሲወርድ ድምፁ እየጎረበጠ የሐርፎቹ መኽረጅ ይደበዝዛል።

ለአማርኛው ንባብ ግን የእናት ወይም የአባት ድምፅ ይበቃል። ገጹን በስልካችሁ በአንቀጽ በአንቀጽ ቅረጹት፤ እያንዳንዱ ቅጂ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። የፋይሉን ስም የገጹ ቁጥር አድርጉት፤ ልጁ ያለ እናንተ እርዳታ እንዲያገኘው።

አንድ ልጅ እንዴት እንደተመረጠለት

የ10 ዓመት ልጅ ነው። ጁዝእ ዐመን ግማሹን በቃሉ ይዟል። በመጀመሪያው ቀን ከትምህርት ቤቱ የአማርኛ መጽሐፍ ላይ ለአንድ ደቂቃ አስነበብነው፤ 19 ቃል አነበበ፤ 7 ተሳሳተ። በማግስቱ ከዚያው መጽሐፍ ሌላ ተመሳሳይ ገጽ ከላይ ባልነው መንገድ ተጽፎ፣ በ2 ነጥብ ክፍተት ተሰጠው፤ 22 ቃል አነበበ፤ 3 ተሳሳተ። በሦስተኛው ቀን ክፍተቱን 4 ነጥብ አደረግነው። 15 ቃል ላይ ቆመ፤ 5 ተሳሳተ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ቃሉ ተበታትኖበት እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ይጠራ ጀመር። ወደ 2 ተመለስን። ክፍተት ከልክ ሲያልፍ መለያው ይኸው ነው። የአንድ ቀን ውጤት በድካም ወይም በገጹ ክብደት ሊለወጥ ስለሚችል በሳምንቱ ሙከራውን ደገምነው፤ አሁንም የ2 ነጥቡ በለጠ።

በሙስሐፉ ላይ በቃሉ የማያውቀውን ገጽ መረጥን። በኪስ መጠኑ ሙስሐፍ በአምስት መስመር ውስጥ ሁለት ጊዜ መስመር ዘለለ፤ ባእንና ታእን፣ ኑንንና ያእን ያቀያይር ነበር። ያንኑ ዓይነት ሌላ ገጽ በ141 ፐርሰንት አሳድገን ከካርቶን መስኮቱ ጋር ስንሰጠው መስመር መዝለሉ ቆመ። የነቁጥ ስሕተቱ ግን ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ይህ ልብ ሊባል ይገባል። ገጽ ማስተካከል መጨናነቅን ያስወግዳል፤ የትኛው ነቁጥ የትኛው ድምፅ እንደሆነ ግን አያስተምርም። ለዚያ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ወደ ቃዒዳው መመለስ ነበረበት። በአንድ ጊዜ ሁለት ሐርፍ ብቻ እየወሰደ፣ በጣቱ እየጻፈና ድምፁን እያሰማ ተለማመደ።

ድምፁን የተጠቀምነው በቀን በሦስት አያ ነው። በመጀመሪያ ጣቱን ሙስሐፉ ላይ አድርጎ አያውን ሁለት ጊዜ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ይጠፋና ብቻውን ያነባል። ቀጥሎ መሐል ላይ ያሉ ሁለት ቃላት እንጠቁመዋለን፤ ከመጀመሪያው ሳይነሣ ማንበብ አለበት። በመጨረሻ ድምፁን ከፍቶ ራሱን ያርማል። ሦስተኛው እርምጃ ከተዘለለ ሁሉም ወደ ሒፍዝ ይለወጣል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተጠቆመውን ቃል በአብዛኛው ከመነሻው ሳይነሣ ያነብ ነበር። ፍጥነቱ አሁንም ከእኩዮቹ ያነሰ ነው። ሆኖም ጣቱና አንደበቱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ስትሞክሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። መጠኑንም ክፍተቱንም ድምፁንም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የረዳው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ስሕተቱን በወረቀት መዝግቡ። ከሁለት ወር በኋላ መሻሻል ከሌለ መዝገባችሁን ይዛችሁ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ አማክሩ፤ ቁጥሮቹ ለባለሙያው ብዙ ይነግሩታል። ዑስታዙም ይወቀው። ልጁ በሐለቃው ፊት ያላየውን ገጽ ድንገት እንዲቀራ ከመታዘዝ ይልቅ ገጹ ከአንድ ቀን በፊት ይነገረው። ቁርአንን እየተቸገረ የሚቀራ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈውን ሐዲስ ይህ ልጅ ሰምቶት ቢያድግ መልካም ነው። እኛ ደግሞ በወረቀቱ ምክንያት የሚመጣውን ችግር እናንሳለት።